የፈላ ወጥ ሌሊቱን ምን ሆነ?

አንጋጫ ላይ ለመስቀል ትልቅ ድስት የሥጋ ወጥ ተሠራ እንበል፤ ሃያ ሊትር ይሆናል። ማታ ከእሳት ወርዶ፣ ተከድኖ፣ ጓዳ ውስጥ አደረ። ጠዋት ለብ ሲል ተበላ። ሽታው ደህና፣ ጣዕሙም ደህና ነው። ግን በዚያው ሌሊት የበሉት ሁሉ ሆዳቸውን ቆረጣቸው፣ ተቅማጥም ያዛቸው። የፈላ ምግብ እንዴት ያሳምማል?

ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰችው እንግሊዛዊቷ ማይክሮባዮሎጂስት ቤቲ ሆብስ ናት። እሷና ባልደረቦቿ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ባወጡት ጥናት የብዙ ሰው ምግብ የሚያበስሉ ማእድ ቤቶችን ተመለከቱ። ታሪኩ በየቦታው ተመሳሳይ ነበር፦ ሥጋው ከአንድ ቀን በፊት ይቀቀላል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱ ይሞቅና ይቀርባል። ጥፋተኛው ዛሬ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሲጨንቀው ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርፊት ይለብሳል፤ አንዳንዱ ስፖር መፍላትንም ይችላል። አንጋጫ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለስፖሩ ይባስ ይመቸዋል።

መፍላቱ ሌሎቹን ተህዋስያን ገድሎ፣ ኦክስጅኑንም ከወጡ አባሮ ሜዳውን ለስፖሩ ይለቅለታል። ይህ ባክቴሪያ ኦክስጅን አይወድም። ወጡ ወደ 45 ዲግሪ ሲወርድ በየ10 ደቂቃው እጥፍ ሊሆን ይችላል። እስቲ አስሉት፦ በ3 ሰዓት ውስጥ 18 ጊዜ መባዛት ነው፤ አንዱ ከ260 ሺህ ይበልጣል!

ታዲያ የደጋው ብርድ አያቀዘቅዘውም ወይ? አየሩ ድስቱን ከውጭ ነው የሚነካው። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ወፍራም ስለሆነ እንደ ውሃ በራሱ አይዘዋወርም፣ ከላይ የረጋው ቅቤም እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። የወጡ ጥልቀት እጥፍ ሲሆን መሃሉ እስኪቀዘቅዝ የሚፈጀው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ጠርዙን ነክቶ "በርዷል" ማለት የሚያታልለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወጡ ወዲያው በሰፋፊ ትሪዎች ይከፈላል፣ ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ትሪውን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ላይ አስቀምጦ በንጹሕ ማማሰያ ማማሰል፣ ውሃው ሲሞቅ መቀየር ነው። ግቡ ከ60 ዲግሪ ወደ 21 በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 በ4 ሰዓት መድረስ ነው። ትኩሱን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ መክተት ግን ጎረቤቱን ወተት ማሞቅ ነው፤ መሃሉም ቢሆን ቶሎ አይበርድም።

ሲሞቅ ደግሞ ዳሩ መንተክተኩ አይበቃም፤ እያማሰሉ መሃሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ መላው ወጥ እስኪንተከተክ ነው፤ የአንጋጫው 93 ዲግሪ እዚህ ላይ ይበቃል፣ የነቃው ባክቴሪያ ይሞታልና። ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ላደረው ወጥ ግን ይህ አያድነውም። ሌሎች ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ ሊኖርበት ይችላል፣ አንዳንዱን መርዝ ደግሞ እሳት አያጠፋውም።