ቆሞ የተገጨ መኪና፡- ለመድን ድርጅቱ ምን ብለን እንጻፍ?

ሐሙስ ኅዳር 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡30 ገደማ ታናሽ ወንድሜ ስልክ ደወለልኝ፡፡ "መኪናዋ ተገጭታለች፤ የገጫት ሰው ግን የለም" አለኝ፡፡ ለጉዳይ ተውሶኝ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ከመንገዱ ዳር አቁሟት ነበር፡፡ ሲመለስ የኋላ ፓራውልቷ በግራ በኩል ተሰብሮ፣ የግራ የኋላ ፓራፋንጎዋ ገብቶ፣ የስቶፕ መብራቷ ስባሪ አስፋልቱ ላይ ተበትኖ አገኘ፡፡

በዚያው ቀን ማታ ለመድን ድርጅቴ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ፡፡ የመጀመሪያው ረቂቄ "በዛሬው ዕለት አንድ አይሱዙ ገጭቶኝ አምልጧል" የሚል ነበር፡፡ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሆንም ሁለት ስህተት ነበረበት፡፡ "ገጭቶኝ" የሚለው ቃል እኔ መኪናው ውስጥ የነበርኩ ያስመስላል፡፡ አይሱዙውን ደግሞ እኔም ሆንኩ ወንድሜ አላየነውም፤ የነገረን በአቅራቢያው ያለ ሱቅ ጥበቃ ነው፡፡ የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት መኪናው ቆሞ፣ አሽከርካሪው በሌለበት እንደተገጨ ሲገልጽ የእኔ ደብዳቤ ሌላ የሚል ከሆነ፣ የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠየቁ አይቀርም፡፡

እንዲህ ባለው አደጋ የሚጻፍ ደብዳቤ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፡፡ ሁለት አሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለት ቃል ይኖራል፡፡ ቆሞ በተገጨ መኪና ግን ሌላኛው ወገን ስለሌለ ድርጅቱ የሚመዝነው የእናንተን ቃል፣ የፖሊስን ሪፖርትና መኪናው ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ነው፡፡ ራሱ ግድግዳ ገጭቶ "ቆሞ ተገጨብኝ" የሚል ደንበኛም ስለማይጠፋ ጥያቄ መብዛቱ አያስገርምም፡፡ ስለዚህ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና የማታውቁትን ለያይታችሁ ጻፉ፡፡

ሆኖም ጥሩ ደብዳቤ የሚጻፈው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በቦታው ላይ ነው፡፡ ወንድሜን መኪናውን እንዳያንቀሳቅስ ነገርኩት፡፡ ትራፊክ ፖሊስ ተጠርቶ ፕላን እስኪያነሳ ድረስ መኪናው ባለበት መቆየት አለበት፤ ከቦታው ከተነሳ በኋላ በትክክል ቆሞ እንደነበረ ማስረዳት ያስቸግራል፡፡ በመጠበቅ ላይ ሳለ በስልኩ ፎቶ አነሳ፡፡ አንደኛው ጎማዎቹንና የመንገዱን ጠርዝ፣ ሁለተኛው ጉዳቱን በቅርበት፣ ሦስተኛው አካባቢውን ከእነሱቁ የሚያሳይ ነው፡፡ የተሰበረውን መብራት ስባሪ ለቅሞ በላስቲክ ያዘ፡፡ ፓራፋንጎው ላይ የቀረውን ነጭ ቀለም እንዳይጠርገውም አስጠነቀቅኩት፤ የእኔ መኪና ብርማ ስለሆነ ያ ነጭ ቀለም የመጣው ከሌላ ተሽከርካሪ ነው፡፡ ከሁሉም የጠቀመን ግን የፓርኪንግ ሠራተኛው የሰጠው ቁራጭ ደረሰኝ ነው፡፡ የሰሌዳ ቁጥሩና የገባበት ሰዓት ተጽፎበት ነበር፡፡

በማግስቱ የጻፍኩት ደብዳቤ የሚከተለው ነው፡፡ የሰሌዳና የፖሊሲ ቁጥሮቹን አውጥቻለሁ፡፡

ቀን፡- ኅዳር 8 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለ ………… ኢንሹራንስ አ.ማ.
የካሳ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- ቆሞ በነበረ ተሽከርካሪ ላይ ማንነቱ ባልታወቀ አሽከርካሪ የደረሰ ጉዳትን ስለማሳወቅ

የሰሌዳ ቁጥሩ ኮድ 2 አ.አ. ………… የሆነው ቶዮታ ኮሮላ አውቶሞቢሌ በፖሊሲ ቁጥር ………… በድርጅታችሁ ሙሉ የመድን ሽፋን ያለው ነው፡፡

ኅዳር 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሜ በእኔ ፈቃድ እያሽከረከረ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ከመንገዱ ቀኝ ጠርዝ በሚከፈልበት ፓርኪንግ አቁሞት ሄዷል፡፡ ከቀኑ 9፡20 ሲመለስ የኋላ ፓራውልት፣ የግራ የኋላ ፓራፋንጎና የግራ ስቶፕ መብራት ተጎድተው አግኝቷል፡፡ ግጭቱ ሲደርስ መኪናው ውስጥ ሰው አልነበረም፡፡ እኔም በቦታው አልነበርኩም፡፡

ግጭቱን እኔም ሆንኩ ወንድሜ አላየንም፡፡ በአካባቢው ያለ የሱቅ ጥበቃ፣ አንድ ነጭ አይሱዙ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ እንደገጨውና ሳይቆም እንደሄደ፣ ሰሌዳውም ኮድ 3 ሆኖ በ47 የሚያልቅ መሆኑን ነግሮናል፡፡ ቀሪዎቹን ቁጥሮች አላስተዋለም፡፡ የምስክሩ ስምና ስልክ በአባሪው ተገልጿል፡፡

በቀኝ የፊት በር ላይ የሚታየው ጭረት ከዚህ አደጋ በፊት የነበረ ስለሆነ የዚህ ጥያቄ አካል አይደለም፡፡

ጉዳዩ በዕለቱ ለትራፊክ ፖሊስ ተመዝግቧል፤ ሪፖርቱን እንደተቀበልኩ አቀርባለሁ፡፡ መኪናው ሳይጠገን ስለቆየ ባለሙያችሁ እንዲመለከተው እጠይቃለሁ፡፡

ከሠላምታ ጋር

አባሪ፡- 3 ፎቶግራፎች፣ የፓርኪንግ ደረሰኝ፣ የሊብሬ እና የወንድሜ የመንጃ ፈቃድ ቅጂ፣ የምስክር አድራሻ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትሜ፣ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማህተምና ቀን አስደርጌ ይዣለሁ፡፡ የመድን ውሎች አደጋ የሚታወቅበትን የቀን ገደብ ስለሚያስቀምጡ፣ በወቅቱ ማሳወቃችሁን የሚያስረዳላችሁ ያ ማህተም ነው፡፡ የጋራዥ ፕሮፎርማ እስኪሰበሰብ ብሎ ደብዳቤውን ማዘግየት አያስፈልግም፤ ዋጋው በኋላ ይደርሳል፡፡

ስለ ወንድሜ የጻፍኩት አንቀጽ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል፡፡ አንድ ወዳጄ "ያቆምኩት እኔ ነኝ በል፤ ነገር አታብዛ" ብሎ መክሮኝ ነበር፡፡ ወንድሜ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ስላልቆየ ድርጅቱ ምክንያት ያደርገዋል የሚል ስጋት ነበረው፡፡ ግን ለፖሊስ ቃሉን የሰጠው ወንድሜ ነው፡፡ የካሳ መጠየቂያ ቅጹም መኪናውን መጨረሻ ላይ ማን እንዳሽከረከረው ይጠይቃል፡፡ ትንሽ ጥያቄ ለማምለጥ ብዬ ብዋሽ ኖሮ እውነተኛውን አደጋ በገዛ እጄ አጠራጣሪ አደርገው ነበር፡፡

የጭረቱም ነገር እንደዚያው ነው፡፡ የድርጅቱ ባለሙያ መጥቶ መኪናውን ሲዞር መጀመሪያ እጁን የሰደደው ወደ ቀኙ በር ነበር፡፡ ደብዳቤው ላይ አስቀድሞ ስለተጻፈ አንድም ጥያቄ ሳያነሳ ወደ ኋላው አለፈ፡፡ የፓራፋንጎውን ጉዳት ከፍታ ለካ፣ ነጩን ቀለም ፎቶ አነሳ፣ ሄደ፡፡

ወደ ሂሳቡ እንምጣ፡፡ ጥገናው በ18,600 ብር ተስማማ፡፡ በውሌ መሠረት በተለምዶ "ኤክሰስ" የሚባለው የራሴ ድርሻ 2,000 ብር ስለነበረ ድርጅቱ የሚሸፍነው 16,600 ብር ሆነ፡፡ በሌላ በኩል ከ9,000 ብር ዓመታዊ አረቦኔ ላይ ካሳ ባለመጠየቄ የማገኘው የ20 በመቶ ቅናሽ፣ ማለትም 1,800 ብር፣ በሚቀጥለው ዕድሳት ይቀርብኛል፡፡ በዚህ ልክ ካሳ መጠየቁ ያዋጣል፡፡ ጉዳቱ 3,500 ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን 1,500 ብር ተቀብዬ 1,800 ብር ማጣት ይሆን ነበር፡፡ ስለዚህ የካሳ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከየራሳችሁ ውል ላይ ፈልጉ፡፡

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሙሉ ሽፋን ላለው ሰው ነው፡፡ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ያለው ሰው ለራሱ መድን ድርጅት ቢጽፍ ለመኪናው ጥገና የሚያገኘው ነገር የለም፡፡ መጠየቅ ያለበት የገጪውን መድን ስለሆነ ሰሌዳው ካልታወቀ መንገዱ ይዘጋል፡፡ ባልታወቀ ተሽከርካሪ ለሚደርስ ጉዳት የተቋቋመው የመድን ፈንድም የሚደርሰው ለሞትና ለአካል ጉዳት ነው እንጂ ለፓራውልት አይደለም፡፡

ታሪኩ በዚህ አላበቃም፡፡ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሱቁ ጥበቃ ለወንድሜ ደወለ፡፡ አይሱዙው ዕቃ ሊያራግፍ ተመልሶ መጥቷል፡፡ ሾፌሩ አልካደም፤ "3,000 ብር ልስጣችሁና ጥያቄ የለንም ብላችሁ ፈርሙልኝ" አለ፡፡ ወንድሜ ሊስማማ ምንም አልቀረውም ነበር፡፡

በንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 መሠረት መድን ሰጪው ካሳ ከከፈለ፣ በከፈለው ገንዘብ ልክ በእናንተ ቦታ ተተክቶ ጉዳት አድራሹን ይጠይቃል፡፡ እናንተ "ጥያቄ የለኝም" ብላችሁ ፈርማችሁ ይህን መብት ካጨናገፋችሁበት ደግሞ በሙሉም ሆነ በከፊል ከኃላፊነት ሊነጻ ይችላል፡፡ ለ3,000 ብር ሲባል 16,600 ብር አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር ማለት ነው፡፡ ወንድሜ ገንዘቡን ሳይቀበል ሙሉ የሰሌዳ ቁጥሩን ይዞ ለመረመረው የትራፊክ ፖሊስ አሳወቀ፡፡ እኔም በማግስቱ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀን ጠቅሼ ሁለተኛ ደብዳቤ አስገባሁ፡፡ ሦስት መስመር ብቻ ነበር፡- ሰሌዳው መታወቁን፣ ገንዘብ መቅረቡንና አለመቀበሌን የሚገልጽ፡፡

ድርጅቱ ጥገናውን ከፍሎ ወደ አይሱዙው መድን ሰጪ ዞረ፡፡ ገንዘቡ ከተመለሰለት በኋላ በጽሑፍ ጠይቄ የአረቦን ቅናሼ እንዲቀጥል ተደርጎልኛል፤ ይህ ግን እንደየውሉ ይለያያል፡፡ የራሴን ድርሻ 2,000 ብር መጠየቅ ያለብኝ እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ድርጅቱ የሚተካኝ በከፈለው ልክ ብቻ ነውና፡፡ እሱንም ከሾፌሩ አሠሪ፣ የድርጅቱን የክፍያ ማስረጃ አሳይቼና የተቀበልኩት ለዚህች 2,000 ብር ብቻ መሆኑን ደረሰኙ ላይ አስጽፌ ተቀብያለሁ፡፡