በርካታ ጠያቂዎች በተሰየሙበት የሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት መዘጋጀት ይገባል?

ከወለቃ ተነሥቶ በጎንደር ከተማ መሥሪያ ቤት ለቅጥር የሚወዳደር ሰው የጽሑፍ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። በሩን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው አንድ ጠያቂ ሳይሆን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ናቸው። የሙያ ዕውቀቱ በቂ ሆኖ ሳለ በዚህ ክፍል ውስጥ ነጥብ የሚያጣ ተወዳዳሪ ጥቂት አይደለም።

ዋናው ምክንያት የነጥብ አሰጣጡን አለመረዳት ነው። በአብዛኛው እያንዳንዱ ጠያቂ የራሱን የነጥብ መስጫ ቅጽ ይዞ ለብቻው ይሞላል፤ ውጤቱም ተደምሮ ለጠያቂዎቹ ቁጥር ይካፈላል። ሦስት ጠያቂዎች እያንዳንዳቸው ከ20 ነጥብ ይሰጣሉ እንበል። አንደኛው ተወዳዳሪ ከሰብሳቢው 18፣ ከባለሙያው 17፣ ከሦስተኛው ጠያቂ ግን 9 ቢያገኝ ድምሩ 44 ይሆናል። ሌላው 16፣ 15 እና 15 ቢያገኝ ድምሩ 46 ነው። ስለዚህ ሰብሳቢውን ብቻ አስደስቶ ሌላውን ጠያቂ የዘነጋ ሰው ሁሉንም በእኩል ባስተናገደው ይበለጣል።

ዝግጅቱም ከዚህ ይጀምራል። ተወዳዳሪው የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያውን ደግሞ ያንብብ፤ የተዘረዘሩትን ተግባራት አንድ በአንድ ይጻፍ፤ ከዚያም በጠረጴዛው ዙሪያ ማን ማን ሊቀመጥ እንደሚችል ያስብ። ብዙውን ጊዜ የሚገኙት የሥራ ክፍሉ ኃላፊ፣ የሙያው ባለሙያና የሰው ሀብት ባለሙያ ናቸው። ኃላፊው ሥራው መሠራቱን፣ ባለሙያው ዕውቀቱን፣ የሰው ሀብት ባለሙያው ደግሞ ጠባይንና ከሰው ጋር መግባባትን ይመዝናሉ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄዎችን ገምቶ መልሱን በቃል መለማመድ ይቻላል።

ለምሳሌ የቀረበው ቦታ የሰብል ልማት ባለሙያ ነው እንበል። ባለሙያው፦ «በቀበሌው ስንዴ ላይ ቢጫ ዋግ ታየ ቢባል ምን ያደርጋሉ?» ሊል ይችላል። በቂ መልስ ቅደም ተከተል አለው፦ ማሳው ድረስ ሄጄ በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት መኖሩን አያለሁ፤ በአንድ ጥግ ሳልወሰን የማሳውን የተለያየ ክፍል እመረምራለሁ፤ የዘሩን ዓይነትና የዕድገት ደረጃ መዝግቤ ለወረዳው አሳውቃለሁ፤ ፀረ ፈንገስ በወቅቱ እንዲረጭም አርሶ አደሩን እመክራለሁ።

መልሱ ገና ሳያልቅ ኃላፊው፦ «አርሶ አደሩ ምክርዎን ባይቀበልስ?» ቢል ብዙዎች የመጀመሪያውን ጥለው ወደ ሁለተኛው ይዘላሉ። በዚህን ጊዜ «የጀመርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጨርስና ወደ እርስዎ ጥያቄ እመለሳለሁ» ማለት ነውር የለበትም። ቃል የተገባውን ጥያቄ አለመርሳት ግን ግድ ነው፤ ለዚህም ብዕርና ወረቀት ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይረዳል።

መልስ ሲሰጥ በመጀመሪያ የሚታየው ጥያቄውን ያቀረበው ሰው ነው። መልሱ ሲቀጥል ዓይንን ወደ ሌሎቹ ማዞር፣ በመጨረሻም ወደ ጠያቂው መመለስ ተገቢ ነው። በባህላችን በታላቅ ሰው ፊት አቀርቅሮ መናገር የአክብሮት ምልክት ቢሆንም በዚህ ስፍራ መልሱን እንዳለማወቅ ሊቆጠር ይችላል። አክብሮቱን በ«እርስዎ» አጠራርና በረጋ አነጋገር መግለጽ ይሻላል።

አንድ ጥያቄ በሌላ አነጋገር ተመልሶ ከመጣ የፊተኛው መልስ ዒላማውን ስቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያንኑ ከመድገም «የሚፈልጉት ስለ አፈጻጸሙ ነው ወይስ ስለ ምክንያቱ?» ብሎ ማጣራት ይበጃል። ሁለት ጠያቂዎች የተለያየ አሳብ ቢሰነዝሩ አንዱን ደግፎ ሌላውን መንቀፍ አይገባም፤ የራስን አሳብ ከነምክንያቱ ማቅረብ በቂ ነው። ያልታወቀ ነገር ሲጠየቅም «ይህን አላውቀውም» ብሎ ከማን ወይም ከየት እንደሚያጣራ መናገር ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከጠያቂዎቹ አንዱ መልሱን አጥብቆ የሚያውቅ ነው።

ለልምምድ ሦስት ሰዎችን ከፊት አስቀምጦ እየተፈራረቁ፣ አንዳንዴም እያቋረጡ እንዲጠይቁ ማድረግ ነው። ቤተሰብ ወይም ጎረቤት ይበቃል። አንዳቸው «ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላየህም» ካሉ ጉድለቱ በጊዜ ታወቀ ማለት ነው።

በቀጠሮው ዕለት መታወቂያንና የትምህርት ማስረጃን ዋናውንም ቅጂውንም መያዝ ያስፈልጋል። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆን አለመሆኑም አስቀድሞ ይረጋገጥ፤ 3 ሰዓትና 9 ሰዓት ተምታተው ዕድል እንዳያመልጥ።