ደረሰኝ በደረሰኝ፦ የፊተኛውን ከፍሎ አዲሱን መረከብ

አሜሪካ ውስጥ ለትናንሽ ሱቆች ዕቃ የሚያከፋፍሉ ጅምላ ነጋዴዎች «ቢል ቱ ቢል» የሚሉት የአከፋፈል ስምምነት አለ። ባለ ሱቁ ዛሬ የተራገፈለትን ዕቃ ዛሬ አይከፍልም፤ በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው አዲስ ዕቃ ይዞ ሲመጣ የዛሬውን ሂሳብ ዘግቶ አዲሱን ይረከባል። እዚህ «ደረሰኝ በደረሰኝ» ብለነዋል። ዱቤ ነው፤ ግን ከአንድ ደረሰኝ የማያልፍ ዱቤ።

አዲስ ሱቅ የከፈተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ይህን ሳይሆን «ኔት 30» የሚባለውን ነው፤ ደረሰኙ ከተጻፈበት ቀን አንስቶ በ30 ቀን ውስጥ የሚከፈለውን ዱቤ ማለት ነው። እንቢ ሲባል ደግሞ ትንሽ ስለሆንኩ ናቁኝ ይላል። ነገሩ ግን ንቀት አይደለም፣ ሂሳብ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የጤፍ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮና ምስር የምትሸጥ አንዲት ባለ ሱቅ አለች እንበል። በየማክሰኞው የ900 ዶላር ዕቃ ታዛለች፤ እስካሁን የምትከፍለው ዕቃው እንደወረደ እዚያው ነው። የ30 ቀን ዱቤ ቢፈቀድላት የመጀመሪያው ደረሰኝ ሳይዘጋ አራት ሌሎች ይደረቡበታል፤ ስለዚህ የአከፋፋዩ 4,500 ዶላር በአንድ ጊዜ እሷ ዘንድ ይሆናል። አከፋፋዩ ከ100 ዶላር ሽያጭ 10 ዶላር የሚያተርፍ ከሆነ ያ ዕቃ ለራሱ 4,050 ዶላር ወጥቶበታል። ሱቋ ቢዘጋ ያንን ለመተካት ሌላ 40,500 ዶላር መሸጥ አለበት፤ ይህም የእሷ የ45 ሳምንት ትዕዛዝ ነው። ከእሷ ዓመቱን ሙሉ የሚያገኘውን ትርፍ ማለት ይቻላል ለአደጋ አቅርብ እየተባለ ነው፤ እሺ ቢል ነበር የሚገርመው።

በደረሰኝ በደረሰኝ ግን የሚያሰጋው 900 ዶላር ብቻ ነው። ከኪሱ የወጣበት 810 ዶላር ሲሆን፣ ቢከሰር በ9 ሳምንት ትዕዛዝ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ዋስትናው በእጁ ነው፤ ገንዘቡ ካልተቆጠረ መኪናው አይራገፍም። ትዕዛዟ ትንሽ መሆኑ ለኔት 30 እንቅፋት ነበር፤ እዚህ ግን ይጠቅማታል፣ አንዱ ደረሰኝ ትንሽ ነውና።

ጥያቄውን ከማቅረቧ በፊት አንድ ነገር ማጣራት አለባት፤ ሰባት ቀን ለእሷስ ይበቃታል ወይ? በ900 ዶላር የገዛችውን በ1,125 ዶላር የምትሸጥ ከሆነ፣ ሂሳቡን ከሽያጩ ለመክፈል ከዕቃው አምስት እጅ አራቱ በሳምንት ውስጥ መውጣት አለበት። አንድ ወር ያህል ሰኞ ማታ መደርደሪያውን እየቆጠረች ብትመዘግብ ይታወቃል። ጤፍና በርበሬ ይወጣሉ፤ ጀበናና ረከቦት ግን ወራት ሊቀመጡ ስለሚችሉ ከዚህ ዱቤ ውጭ ይሁኑ፣ በእጅ ይገዙ።

ጥያቄው ራሱ አጭር ነው። አከፋፋዩ በዕድሜ የሚበልጣት ሐበሻ ከሆነ ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ጋሼ፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳላሳልፍ ከፍያለሁ። ከሚቀጥለው ማክሰኞ ጀምሮ የፊተኛውን እየከፈልኩ አዲሱን ልረከብ።»

«ሳትከፍይኝ ብትቀሪስ?»

«ዕቃውን አያራግፉታላ!»

«እሱማ አላራግፈውም። ሳታዢ የቀረሽ ለታስ?»

የስምምነቱ ደካማ ጎን ይኸው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ክፍያው ከሚቀጥለው መኪና ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ መኪናው ካልመጣ የመክፈያው ቀንም አይመጣም። መልሱ «ባላዝም በአሥረኛው ቀን እከፍላለሁ» ነው፤ ይህ እሱ ሳይጠይቅ ከእሷ አፍ ቢወጣ ደግሞ ይበልጥ ያሳምነዋል። ከዚያ በስልክ መልእክትም ቢሆን ይጻፍ፤ የፊተኛው ሂሳብ አዲሱ ሲራገፍ ወይም በአሥረኛው ቀን፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ይከፈላል፤ ከ1,000 ዶላር ያለፈው በእጅ።

ያ ጣሪያ ለአከፋፋዩ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ትዕዛዙ ድንገት 2,500 ዶላር ይሆንና የበዓሉ ሂሳብ የሚከፈለው በዓሉ ባለፈው፣ ገበያው በቀዘቀዘው ሳምንት ይሆናል። ከ1,000 ያለፈው 1,500 ዶላር አስቀድሞ በእጅ ከተከፈለ ግን ለዚያ ሳምንት የሚቀረው እሷ የለመደችው ዓይነት ሂሳብ ነው።

ስምምነቱ መታመም ሲጀምር የሚታየው ደግሞ በትዕዛዝ መዝገብ ላይ ነው። ባለ ሱቋ በርበሬ አልቆባት ሳለ «የሳምንቱን እንለፈው» ማለት ከጀመረች፣ ትዕዛዙን የምታዘገየው ዕቃ ስላላት ሳይሆን የፊተኛውን ላለመክፈል ነው። ፈጥኖ የሚሸጠው ዕቃ ይጎድላል፣ ሽያጩ ይወርዳል፣ ዕዳው እንዳለ ይቀመጣል። ያኔ ትዕዛዙን ወደ 500 ዶላር ዝቅ አድርጎ ሂሳቡን በሰዓቱ መዝጋት ይሻላል፤ አከፋፋዩም ከጠፋ ደንበኛ ያነሰ ያዘዘ ደንበኛን ይመርጣል።

ትኩስ አትክልት ላይ ደግሞ ብዙ ቀን መለመን አያዋጣም። አሜሪካ ውስጥ ፓካ በሚባለው የ1930 ሕግ መሠረት፣ ለቃሪያ፣ ለሽንኩርት፣ ለዝንጅብልና ለመሳሰሉት የተለመደው የመክፈያ ጊዜ 10 ቀን ነው። አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማሙ በቀር አያልፍም፤ በጽሑፍም ቢሆን ከ30 ቀን ከበለጠ ሻጩ ገዢው ቢከስር ሕጉ የሚሰጠውን ቅድሚያ ያጣል። ስለዚህ የአትክልት አከፋፋይ 45 ቀን ሲሉት ቢስቅ አይፍረዱበት።

ስድስት ወር ያህል ያለ እንከን ከሄደ የ14 ቀን ዱቤ መጠየቅ ይቻላል። ያን ጊዜ የዱቤ ማመልከቻ ቅጽ ይመጣል፤ ቅጹ ሌሎች አቅራቢዎችን በምስክርነት እንዲጠሩ ይጠይቃል፣ የደረሰኝ በደረሰኙ መዝገብም እዚያ ላይ ይቆጠራል። ከቅጹ ግርጌ «የግል ዋስትና» የሚል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ከፈረሙበት ሱቁ ቢዘጋም ዕዳው እርስዎን ተከትሎ ቤት ይገባል።

አንዳንድ አከፋፋይ ደግሞ ዱቤውን ከልክሎ «በእጅ ክፈይና 2 በመቶ ልቀንስልሽ» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፣ ግን ቁጭ ብሎ ማስላት ነው። ከ900 ዶላር 2 በመቶ 18 ዶላር ነው፤ በ52 ሳምንት 936 ዶላር ይሆናል። ዱቤው እጅዎ ላይ የሚያቆየው 900 ዶላር ብቻ ሲሆን ቅናሹ በዓመት ከዚያ የበለጠ ይሰጣል። ባንክ የተቀመጠ 900 ዶላር ካለዎት ቅናሹን ይውሰዱ፤ ከሌለዎት ደረሰኝ በደረሰኙን ይያዙና ከአንድ ዓመት በኋላ የቅናሹን ጥያቄ እንደገና ያንሱት።