ቡና የማይመልሰው እንቅልፍ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው አስቡ። ነቅቶ በቆየ ቁጥር አንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን ይጠራቀማል፤ የሰውነቱ ሰዓትም «ሌሊት ነው፣ ተኛ» ይለዋል። ቡና ቢጠጣ ካፌይኑ የአዴኖሲንን ቦታ ይይዝና ለጊዜው ነቃ ያደርገዋል። በደንብ ሲተኛ ደግሞ አዴኖሲኑ ይቀንሳል።

ናርኮሌፕሲ ያለበት ሰው ግን ሌሊት ተኝቶም ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፤ አንዳንዱን ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሊኖ በሽታውን ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። መንስኤው ፍንጭ ያገኘው ግን በ1999 ነው፦ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በታመሙ ውሾች ላይ የኦሬክሲን መቀበያ ጂን ተበላሽቶ አገኙ። በ2000 የሰው አንጎል ሲመረመር ኦሬክሲን የሚያመነጩት ሴሎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ኦሬክሲን ንቃትን አጽንቶ የሚይዝ ኬሚካል ነው። ሰዓቱም አዴኖሲኑም እየሠሩ፣ ያዡ ጎደለ ማለት ነው። ስንፍና አይደለም።