ከአንድ ጨርቅ ሁለት አገር፦ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» የሚለውን ሌብል እንዴት ታነቡታላችሁ?

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝ አንድ ሱቅ ገባችሁ እንበል። የሐበሻ ቀሚስ እና ነጠላ ተሰቅሏል። ጨርቃቸው አንድ ነው፦ ቻይና በማሽን የተሸመነ ጥጥ። ሁለቱም አዲስ አበባ ነው የተሰፉት። ሁለቱም ላይ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ይላል።

የቀሚሱ ሌብል ሕጋዊ ነው። የነጠላው ግን አይደለም። እንዴት ሆኖ?

የአሜሪካ ጉምሩክ ልብስ «የየት አገር ነው» የሚለውን የሚወስነው ጨርቁ ከየት መጣ ብሎ ብቻ አይደለም። እንደ ልብሱ ዓይነት ይለያያል።

ተቆርጠው ለሚሰፉ ልብሶች፣ ማለትም ለቀሚስ፣ ለሸሚዝ፣ ለሱሪ፣ ዋናው ጥያቄ «ቁርጥራጮቹ የት ተገጣጠሙ?» የሚል ነው። እጅጌው፣ ደረቱ፣ ጀርባው ሙሉ በሙሉ አንድ አገር ውስጥ ከተገጣጠሙ ልብሱ የዚያ አገር ነው። ስለዚህ ከውጭ በመጣ ጨርቅ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሰፋ ሸሚዝ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ቢባል ማጭበርበር አይደለም። ስፌቱ ሁለት አገር ላይ ከተከፋፈለ ደግሞ ዋናው የመገጣጠም ሥራ የተሠራበት አገር ይወስዳል።

ነጠላ፣ ሻሽ እና ስካርፍ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እነዚህ የሚገጣጠም ነገር የላቸውም፣ ጨርቁ ራሱ ነው ዕቃው። ስለዚህ ጥያቄው «የት ተሸመነ?» ይሆናል። ቻይና የተሸመነውን ጥጥ አዲስ አበባ ላይ በልኩ ቆርጦ ጫፉን መቀምቀምም ሆነ ጥልፍ መጨመር አገሩን አይቀይረውም። ትክክለኛው ሌብል «ሜድ ኢን ቻይና» ነው። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሸመነው ነጠላ ግን፣ ክሩ ከየትም ይምጣ፣ የኢትዮጵያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ስካርፉ ሱፍ ካልሆነ፣ የጥጥ መጠኑም ከ16 በመቶ በታች ከሆነ፣ ቀለም የተነከረበትና የታተመበት አገር ሊቆጠርለት ይችላል። እሱም ቢሆን ሁለቱም ሥራ እዚያው ተሠርቶ፣ ሌሎች የማጠናቀቂያ ሥራዎች ከተጨመሩበት ነው። ለጥጥ ነጠላ ይህ አይሠራም።

ቀሚሱ አሜሪካ ውስጥ ቢሰፋስ? ያው የቻይና ጨርቅ ሜሪላንድ ላይ ተቆርጦ ቢሰፋ ብቻውን «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» ማለት አይቻልም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለራሱ አገር ስም ጠበቅ ያለ መስፈርት አለው፤ ጨርቁም የአሜሪካ መሆን አለበት። ካልሆነ ሌብሉ «አሜሪካ ውስጥ፣ ከውጭ በመጣ ጨርቅ የተሠራ» የሚል ሐሳብ መያዝ አለበት። «ዲዛይንድ ኢን» የሚለው ቃል ደግሞ ስለ ስፌቱ ምንም አይናገርም።

እሺ፣ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ምን ታያላችሁ?

መጀመሪያ አንገቱን ከውስጥ ግለጡ። አንገት ያለው ልብስ የአገሩ ስም ከውስጥ በኩል፣ በሁለቱ ትከሻ ስፌቶች መሀል መታየት አለበት። ነጠላ አንገት ስለሌለው በቀላሉ የሚታይ ቦታ ላይ ከተሰፋ ይበቃል።

ቀጥሎ የተንጠለጠለውን ካርቶን ከተሰፋው ሌብል ጋር አስተያዩ። ካርቶኑ «የኢትዮጵያ የእጅ ሥራ» ብሎ ሌብሉ ሌላ አገር ካለ፣ አንዱ ውሸት ሊሆን ይችላል። የተቆረጠ ሌብል ጉማጅ ወይም በአሮጌ ስፌት ላይ የተደረበ አዲስ ሌብል ካያችሁም ጠርጥሩ። ገዢው እንዳያውቅ ሆን ብሎ የአገር ምልክትን ማንሳት በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው።

ብዙ ሌብል ላይ ደግሞ «አር ኤን» ተብሎ ቁጥር አለ። ቁጥሩን rn.ftc.gov ላይ ብታስገቡ የተመዘገበው ድርጅት ይወጣል። ይህ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይነግራችኋል እንጂ ልብሱ የት እንደተሰፋ አይነግራችሁም። ስህተት ካገኛችሁ reportfraud.ftc.gov ላይ መጠቆም ይቻላል።

ኦንላይን ስትገዙ የአገር ስም አትጠብቁ። ሻጩ «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» ወይም «ኢምፖርትድ» ብሎ መግለጽ ብቻ ነው ያለበት። ነጠላ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን «የት ተሰፋ?» ሳይሆን «የት ተሸመነ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ልብስ ላይ የክሩን ዓይነት መጻፍ ያስገድዳል፣ የተሠራበትን አገር ግን አያስገድድም። ስለዚህ እዚያ የአገር ስም የሌለው ልብስ ብታገኙ፣ ያ ብቻውን ጥፋት አይደለም።