የሥራ አስኪያጅ ቅጥር ውል፦ የሙከራ ጊዜ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ቦነስና ምስጢር

በመቱና በአካባቢዋ ያሉ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ሥራ አስኪያጅ ሲቀጥሩ ብዙ ጊዜ ለጥበቃና ለጸሐፊ የሚያገለግለውን የውል ቅጽ ስም ቀይረው ያስፈርማሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪን አይመለከትም። የሥራ መሪ የሚባለውም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር ወይም የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው፤ ወሳኙ የመደቡ መጠሪያ ሳይሆን ሥልጣኑ ነው። የእርሱ ጉዳይ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በተፈራረሙት ውል ስለሆነ፣ ውሉ ዝም ባለበት ቦታ ክርክር ይነሣል።

የሙከራ ጊዜን እንይ። አዋጁ ለሠራተኛ የሚፈቅደው ከ60 የሥራ ቀናት ያልበለጠ ነው። ሐምሌ 1 የተቀጠረ ሥራ አስኪያጅ በዚህ ስሌት ሙከራውን የሚጨርሰው መስከረም ላይ፣ ቀይ ቡና ሳይለቀም ነው። ስለዚህ ሙከራው እስከ ታኅሣሥ 30 እንዲሆን፣ ግምገማውን የሚያካሂደው ማን እንደሆነና ውጤቱ በጽሑፍ እንደሚሰጥ ውሉ ይግለጽ።

ማስጠንቀቂያውም ለሁለቱም ወገን በቁጥር ይጻፍ። አዋጁ ለሠራተኛ ስንብት እንደ አገልግሎቱ ዘመን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይደነግጋል፤ ለሥራ አስኪያጅ ሦስት ወር ቢባል ተተኪ ለመፈለግ ይበቃል። በእነዚያ ወራት የባንክ ፊርማው መቼ እንደሚነሣና ርክክቡ በማን ፊት እንደሚፈጸም ቢካተት መልካም ነው።

አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ግን በቦነስ ነው። «ኮሚቴው ሲያምንበት ይከፈላል» የሚለው ሐረግ ለሥራ አስኪያጁ መብት አይሰጠውም፤ «በየዓመቱ ይከፈላል» የሚለው ደግሞ ዩኒየኑ ቢከስርም ዕዳ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የተጣራ ትርፉ በኦዲት ተረጋግጦ 3,000,000 ብር ሆነ፣ ቦነሱም ከዚያ 2 በመቶ ነው እንበል። የዓመቱ ድርሻ 60,000 ብር ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ የካቲት መጨረሻ ላይ ቢለቅ 8 ወር ሠርቷልና 40,000 ብር ይደርሰዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን ውሉ «በሠራበት ወር ልክ ይከፈላል» ብሎ ከሆነ ብቻ ነው። ክፍያው የኦዲት ሪፖርቱ ከጸደቀ በኋላ በስንት ቀን እንደሚፈጸም፣ በጥፋት ለተሰናበተም ይከፈል እንደሆነ አብሮ ይወሰን። የዓመቱ ሂሳብ ኦዲት ሳይደረግ የሚከፈል ቦነስ ኋላ ማስመለስ ከባድ ነው።

ስለ ምስጢር ሲጻፍ «ማንኛውም መረጃ» ማለት አይጠቅምም። የገዢዎች ዝርዝር፣ ገና ያልተፈረመ የዋጋ አቅርቦት፣ የባንክ የይለፍ ቃል ተብሎ ተለይቶ ይጠቀስ፤ ከሥራ ከወጣ በኋላ ለምሳሌ ለሁለት ዓመት እንዲጸናም ቢደረግ ይበጃል። ለኦዲተርና ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሂሳብ ግን ከዚህ ውጭ መሆኑ በግልጽ ይስፈር፤ አለበለዚያ ሥራ አስኪያጁ አባላት የቡናቸውን ሽያጭ ዋጋ ሲጠይቁት ውሉን መከለያ ሊያደርገው ይችላል።