ሐሰተኛ ሰበራ

ዋጋ ለረጅም ጊዜ ያላለፈውን ጣሪያ ወይም ወለል ጥሶ ከወጣ በኋላ መዝለቅ አቅቶት ወደ ቀድሞ ክልሉ ሲመለስ ሐሰተኛ ሰበራ ይባላል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 2023 ወርቅ የ2020ውን የ2,075 ዶላር ጣሪያ አልፎ ከ2,130 በላይ ወጣ፤ ቀኑን የዘጋው ግን 2,030 አካባቢ ነበር። ዋናው ምልክት ይህ ከጣሪያው በታች መዝጋት ነው፤ ከላይ የገዙት ከኪሳራ ለማምለጥ ሲሸጡ ቁልቁለቱን ያፋጥኑታል።

ተቃራኒውን የሚነግድ ሰው መዝጊያውን ጠብቆ ይሸጣል፣ የኪሳራ ማቆሚያውንም ከቀኑ ጫፍ በላይ ያደርጋል። እዚህ ግን ማቆሚያው ከ100 ዶላር በላይ ይርቅ ነበር፤ ዋጋው በቀጣዮቹ ቀናት የወረደው እስከ 1,970 አካባቢ ብቻ ነው። ሰበራው ሐሰተኛ መሆኑ በግልጽ ቢታይም፣ ሊገኝ ከሚችለው ትርፍ አደጋው ስለሚበልጥ ንግዱን መተው ይሻል ነበር። በማርች 2024 ወርቅ ያንኑ ጣሪያ ሰብሮ ዘለቀ።